የቡና ዋጋ ስጨምር የጻፍኩት ኢሜይል

ደሴ ላይ ቡና ቆልቼና ፈጭቼ ለቢሮዎችና ለእንግዳ ማረፊያዎች አስረክባለሁ። ትዕዛዝ የምንለዋወጠው በኢሜይል ነው። ሒሳብ ሹሞች በቃል የተባለ ነገር አይወዱም።

የመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ ስጨምር አፈርኩ መሰለኝ። ርዕሱን «የአገልግሎት ማሻሻያ» አልኩት። ስለ አዲሱ ማሸጊያ ሁለት አንቀጽ አወራሁና ዋጋውን ከታች ሸጎጥኩት። እዚያ ድረስ ያነበበ የለም። ኮምቦልቻ ያሉ አንዲት የማረፊያ ባለቤት ደረሰኙ ሲደርሳቸው ደወሉ። «ልጄ፣ ያናደደኝ ጭማሪው አይደለም። ከደረሰኝ ላይ ማየቴ ነው።»

በ2017 ጥር ላይ እንደገና መጨመር ግድ ሆነ። አሁን ርዕሱ ራሱ ሁሉንም ተናገረ፦ «የቡና ዋጋ ከየካቲት 1 ጀምሮ በኪሎ 880 ብር»። ቀጥሎ እንዲህ አልኩ፦

«የተቆላና የተፈጨ ቡና ኪሎው ከ700 ወደ 880 ብር ይገባል። ጥሬ ቡና የምገዛበት ዋጋ በኪሎ 160 ብር ጨምሯል። አንድ ፈረሱላ፣ ማለትም 17 ኪሎ፣ ሲቆላ ወደ 14 ኪሎ ይወርዳል። ስለዚህ በተቆላው ኪሎ ላይ ጭማሪው 194 ብር ገደማ ይደርሳል። ፕሮፎርማ የሰጠኋችሁ ደንበኞች ጊዜው እስኪያልቅ በድሮው ዋጋ ትቀጥላላችሁ።»

የመቆላቱን ነገር ያስገባሁት አውቄ ነው። ደንበኛ ገበያ ወጥቶ የጥሬውን ዋጋ ይጠይቃል። «160 ጨምሮ አንተ 180 የጨመርከው ምነው?» ይላል። ውሃው በእሳት እንደሚተን ቀድሜ ካልነገርኩት ሌብነት ይመስለዋል። «ቀሪውን 14 ብር እኔ ችዬዋለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገርም ነበረው። ልመና መሰለኝና ሰረዝኩት። «ከእንግዲህ አይጨምርም» አላልኩም። የቡናን ገበያ እኔ አላዘውም።

ሁለት ነገር ግን አበላሸሁ። «እስከ ጥር 30 ያዘዘ በድሮው ዋጋ» ብዬ መጠኑን አልወሰንኩም። በወር 10 ኪሎ የሚወስድ ቢሮ 60 አዘዘ። ቃል ነውና ሰጠሁ። የተፈጨ ቡና ብዙ ሲቀመጥ ሽታው እንደሚጠፋ ግን ነገርኳቸው፤ እየፈጨሁ በየሳምንቱ እንዳደርስ ተስማማን። አሁን «ከወር ፍጆታችሁ ያልበለጠ» እላለሁ።

ሌላው ቀኑ ነው። የአንድ ድርጅት ሒሳብ ሹም በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሠራ «የካቲት 1»ን ፌብሩዋሪ 1 አድርጎ ያዘው። ሳምንት ቀድሞ በአዲሱ ዋጋ ከፈለኝ። ትርፉን መለስኩለት። ዛሬ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን እጽፋለሁ፦ የካቲት 1፣ ማለትም ፌብሩዋሪ 8።

የኮምቦልቻዋ እትዬ የመለሱልኝ ባለ ሁለት ቃል ነበር፦ «ገባኝ፣ ላክ።» ሁለት ደንበኞች ግን ለቀቁኝ። አንደኛው ጥሬውን ገዝቶ ግቢው ውስጥ ያስቆላል። ሒሳቡን ሠርቼ አየሁት፤ እውነትም ይረክስለታል።