ስድስት ሰዓት ላይ መመለስ ነበረብን

ተራራው 4,700 ሜትር ከፍታ አለው። ዕቅዱን ለማውጣት ሦስት ወር ፈጅቶብኛል፤ ያበላሸሁት ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ቢሮ መስኮት ፊት ቆሜ ነው።

ስለ ዕቃ ብዙ አልጽፍም። ጫማው ቢያንስ ለአንድ ወር የተረገጠ ይሁን። የግንባር መብራት ለእያንዳንዱ ሰው ያስፈልጋል፤ ትርፍ ባትሪውን ሌሊት ከራሳችሁ ጋር የመኝታ ከረጢት ውስጥ አስገቡት፤ ብርድ ያደክመዋል። ውኃ በጠርሙስ ያዙ፤ የመምጠጫው ቱቦ ንጋት ላይ በረዶ ይሆናል።

ፈቃዱ ነው ጉዱ። የሚሰጠው በየሌሊቱ ተቆጥሮ ነው፤ በየትኛው ቀን በየትኛው ካምፕ እንደምታድሩ አስቀድሞ ይመዘገባል። እኔ የያዝኩት ስድስት ቀን ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ስንደርስ ማኅተም የሚመታው ሰው የለም ተባልን። ከሰዓት ተመለሱ አሉን፤ ተመለስን። ነገ አሉን። በማግስቱ ማኅተሙ ሲመታ ጸሐፊው የመጨረሻውን ቀን በአንድ ቀን እንዲያሻግርልኝ ለመንኩት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ የሚቀጥሉት ሌሊቶች በሌሎች ተይዘዋል አለኝ። ስድስቱ ቀን አምስት ሆነ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል፤ ይሁን እንጂ ቀጥሎ የሠራሁትን ስሕተት በእርሱ ላላክክ አልችልም።

ከስድስቱ ቀን ውስጥ የትኛውን ልቁረጥ? ካምፖቹ በ2,700፣ በ3,300 እና በ4,000 ሜትር ላይ ናቸው። ዕቅዴ 3,300 ላይ ሁለት ሌሊት ማደር ነበር፤ ቀን ወደ ላይ ትንሽ ወጥቶ መመለስ፣ ማታ እዚያው መተኛት። ቢሮው የሰጠን ወረቀት ይህችን ቀን «እንደ አማራጭ» ይላታል። ምንም የማይታይባት፣ የትም የማያደርስ ቀን ትመስላለች። ቆረጥኳት።

ከ3,000 ሜትር በላይ ዋናው ቁጥር ቀን የደረሳችሁበት ሳይሆን ሌሊት የተኛችሁበት ከፍታ ነው። የመኝታው ከፍታ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመከራል፤ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም አንድ ሌሊት ባሉበት መድገም ያስፈልጋል። ሁለቱ የላይኞቹ ካምፖች በ700 ሜትር ስለሚራራቁ፣ ያቺ «አማራጭ» ሌሊት ጭማሪውን ለሁለት ከፍላ በአማካይ 350 ታደርገው ነበር። እኔ ግን በአንድ ጊዜ 700 ዘለልኩ። አየሩ ሲሳሳ መጀመሪያ የሚፈጥነው ትንፋሽ ነው፤ ኩላሊት ከዚህ ፍጥነት ጋር ደሙን ለማስማማት ቀናት ይፈጅበታል። ጉልበት ይህን አያፋጥነውም። ታናሽ ወንድሜ ሯጭ ነው፤ ከሁላችንም በፊት የታመመው እርሱ ነው።

4,000 ላይ ባደርንበት ሌሊት ትንፋሹ ቆም እያለ እንደገና ሲነሣ እሰማ ነበር። ይህ ብቻውን በከፍታ ላይ የተለመደ ነው። ነገር ግን እራት አልበላም ብሎ ነበር፤ ራሱንም አሞታል። ራስ ምታት ላይ የምግብ ፍላጎት ማጣት ሲጨመር የከፍታ ሕመም ነው ብላችሁ ያዙት፤ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ወደ ላይ አንድ እርምጃ አይኬድም። ይህን አውቅ ነበር። ማስታገሻ ሰጠሁት።

የመመለሻ ሰዓታችንን ቤት ሆኜ በወረቀት አስልቼ ነበር፤ ስሌቱ ዛሬም ትክክል ነው። ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከጫፍ እስከ ካምፕ መውረጃው ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ለድካም አንድ ሰዓት ጨመርኩ። ሰው ቢታመም ብዬ ሁለት ሰዓት ተኩል መጠባበቂያ አስቀመጥኩ። ከፀሐይ መጥለቂያው ወደ ኋላ ሲቆጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ይመጣል። 6 ሰዓት ላይ የትም ብንሆን እንመለሳለን ተባባልን።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሣን። ለመውጣት የገመትነው ስድስት ሰዓት ያህል ጉዞ ነበር። ቀትር ሲሆን ግን ስምንት ሰዓት ሙሉ ተጉዘን 4,590 ሜትር ላይ ነበርን። መዘግየቱ ራሱ ሕመሙን ይናገር ነበር፤ እኔ ግን የሰማሁት የቀረውን 110 ሜትር ነው። ጫፉ ይታያል። መሪያችን ሰዓቱን አየ፣ ወንድሜን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

«እንደ ፈቀዳችሁ» አለ።

ያን ቃል እንደ ፈቃድ ወሰድኩት። የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ጉርሻውን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ሰውየው ምን እንዲለኝ ጠብቄ እንደ ነበር አላውቅም።

ጫፍ የደረስነው 7 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። ወንድሜ ፎቶግራፍ ለመነሣት የግራ ጓንቱን አወለቀ። መልሶ ሊያጠልቀው ሲሞክር አውራ ጣቱን የሚያስገባበትን ቀዳዳ ሊያገኘው አልቻለም። ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ከዚያ እንደ ዋዛ ከእጁ ለቀቀው፤ ነፋስ ወሰደው። መሪያችን ያን ጊዜ ዝምታውን ተወ። መሬት ላይ በዱላ መስመር አሰመረና፣ ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት ጋር እያስነካ በላዩ እንዲሄድ አዘዘው። በሁለተኛው እርምጃ ወደ ጎን ወደቀ። ይህ ድካም አይደለም፤ አንጎል ሲያብጥ እንዲህ ያደርጋል። ዋናው መፍትሔ መውረድ ነው፤ የሚወረደውም ወዲያው ነው።

ሦስት ሰዓት የሚፈጀው ቁልቁለት ሰባት ሰዓት ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም። ደመናው ወርዶ የድንጋይ ምልክቶቹን ሸፈነብን። መሪው ከፊት፣ ወንድሜ በገመድ መሐል፣ እኔ ከኋላ፤ በየሃያ እርምጃው ይቀመጥ ነበር፤ በተነሣ ቁጥርም ወዴት እንደምንሄድ ይጠይቀኝ ነበር። ካምፕ ስንገባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ድንኳኑን ሳየው ልተኛ ነበር። መሪው ግን አልፈቀደም፤ 4,000 ሜትር ለእርሱ ዛሬ ካምፕ አይደለም፣ ወደ 3,300 እንወርዳለን አለ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፎ ደረስን። 3,500 አካባቢ ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጠይቀው ራበኝ አለ፤ እዚያው መንገድ ላይ አለቀስኩ።

ዛሬ ፈቃድ ስይዝ ሁለት ትርፍ ቀን እይዛለሁ፤ አንዱ ለቢሮው፣ አንዱ ለሰውነት። ቀን ከጠፋ የሚቆረጠው ጫፉ ነው። «በቀን አራት ሊትር ውኃ ጠጡ» የሚለውን የቢሮ ምክርም አልከተልም፤ በጥማት ልክ እጠጣለሁ፤ ከልክ ያለፈ ውኃ የከፍታን ሕመም አይከላከልም፣ የደምን ጨው ግን ያሳንሳል። አሴታዞላማይድ የሚባለውን መድኃኒት በሐኪም ምክር ጉዞው ሳይጀመር ከአንድ ቀን በፊት መውሰድ ይረዳል፤ የተዘለለችውን ሌሊት ግን አይተካም።

ከመሪው ጋር የምነጋገረው ገና ሳንነሣ፣ ሁሉም እየሰማ ነው። የመመለሻ ሰዓቱን እርሱ ያውቃል፤ ተመለሱ ሲል ክርክር የለም፤ ጉርሻው ጫፍ ብንደርስም ባንደርስም ያው ነው፤ ሳንነሣ ቆጥሬ አሳየዋለሁ። የቀጠርኩትን ሰው ሁሉ ደግሞ በመጨረሻ ሰው የመለስከው መቼ ነው ብዬ እጠይቃለሁ። መልሼ አላውቅም የሚለውን አልቀጥርም።

የጫፉ ፎቶግራፍ ወንድሜ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እርሱ እዚያ መቆሙን አያስታውስም፤ እንግዳ ሲመጣ ግን በኩራት ያሳያል። እኔ ባየሁት ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ባዶ የሆነው ግራ እጁ ላይ ነው።