ጥላው ላይ ለካን፣ ውሃው ላይ ለካን

ጎንደር ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ኢንተርፈረንስን፣ ማለትም ሁለት ሞገዶች ሲገናኙ አንዳንድ ቦታ መደጋገፋቸውን አንዳንድ ቦታ መጠፋፋታቸውን፣ ሰሌዳ ላይ ክብ በክብ እየሳልኩ ማስተማር ስለሰለቸኝ፣ ዘንድሮ ከተማሪዎቼ ጋር ሪፕል ታንክ የሚባለውን፣ የውሃ ሞገድን በጥላው የሚያሳይ ገንዳ ራሳችን ሠራን። የመስኮት መስታወት በእንጨት ፍሬም ገጥመን ዙሪያውን በሲሊከን ደፈንን፣ ስድስት ሚሊሜትር ያህል ውሃ ጨመርንበት። ከላይ የስልክ ፍላሽ፣ ከታች ነጭ ወረቀት። ማስመሪያ በላስቲክ አንጠልጥለን የአሻንጉሊት መኪና ሞተር አሰርንበት፣ የሞተሩ ዘንግ ላይ በአንድ ጎን ሰም ስለለጠፍን ሲዞር ማስመሪያውን ያንቀጠቅጠዋል። ከሥሩ በሽቦ የተንጠለጠሉ ሁለት ዶቃዎች ውሃውን ይነካሉ። በመካከላቸው 6 ሴንቲሜትር አለ። በታንኩ ጠርዝ ፋሻ ደረደርን፤ ያለዚያ ሞገዱ ከጠርዝ እየተመለሰ ሥዕሉን ያበላሸዋል።

መጋረጃውን ዘግተን ሞተሩን ስናስነሳ ክፍሉ ጸጥ አለ። ወረቀቱ ላይ ክቦቹ እየተሻገሩ፣ በመካከላቸው እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ መስመሮች ወጡ። በጥምቀት ፋሲል መዋኛ ልጆች ከሁለት ወገን ሲዘሉ አይታችሁ ከሆነ ነገሩን ታውቁታላችሁ፣ ግን እዚያ እንዲህ ጥርት ብሎ አይታይም።

መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ ደስ ብሎኛል። "ቲቸር፣ ሞገዶቹ የተጠፋፉት ጥቁሩ ላይ ነው አይደል?" ብዙዎቹም እንደዚያ አስበዋል። አይደለም። የውሃው ጉብታ እንደ ማጉያ ሌንስ ብርሃኑን ይሰበስበዋል፣ ወረቀቱ ላይ ደማቅ መስመር ይሆናል። ጎድጓዳው ብርሃኑን ይበትነዋል፣ እሱ ነው ጥቁሩ። የተጠፋፉበት ቦታ ግን ውሃው ስለማይነሳና ስለማይወርድ ደማቅም ጥቁርም አይደለም፣ ዝም ያለ ግራጫ ነው። ይህን ካወቁ በኋላ ሁሉም ጣታቸውን ግራጫው ላይ ማድረግ ጀመሩ። ከመሃል በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት፣ በጠቅላላው ስድስት ግራጫ መስመር ቆጠርን።

ከዚያ ወደ ልኬት ገባን፣ ችግሩም እዚህ ላይ ነበር።

ሞገዱ በሴኮንድ 11 ጊዜ ያህል ስለሚመጣ በዓይን መያዝ አይቻልም፣ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ማስመሪያ አስቀምጠን በሌላ ስልክ ፎቶ አነሳን። ከአንዱ ደማቅ መስመር እስከ ቀጣዩ 3 ሴንቲሜትር ሆነ። ጥሩ፣ የሞገድ ርዝመት አገኘን አልን። ከዚያ በመጀመሪያው ግራጫ መስመር ላይ አንድ ነጥብ መርጠን ከእያንዳንዱ ዶቃ ያለውን ርቀት መስታወቱ ላይ ለካን። አንዱ 16፣ ሌላው 15። ልዩነቱ 1 ሴንቲሜትር። የመጀመሪያው ግራጫ መስመር ላይ የአንዱ ጉብታ ከሌላው ጎድጓዳ ጋር እንዲገጥም ልዩነቱ የሞገድ ርዝመቱ ግማሽ፣ ማለትም 1.5 መሆን አለበት። እኛ የሞገድ ርዝመቱን ሲሶ አገኘን። ደገምነው። ያው ነው። ዶቃዎቹ እኩል ውሃ መንካታቸውን አየሁ፣ ነክተዋል። ክፍለ ጊዜው አለቀ፣ እኔም "ነገ እናየዋለን" ብዬ ሸኘኋቸው።

በማግስቱ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ብዙም የማትናገር ልጅ እርሳሷን ይዛ መጣች። "ቲቸር፣ ይሄ እርሳስ 10 ሴንቲሜትር ነው። መስታወቱ ላይ ላስቀምጠው?" አለች። "አስቀምጪው" አልኳት። ወርዳ ጥላውን ለካች። 15።

አሃ! ፍላሹ ከውሃው 80፣ ወረቀቱ ደግሞ ከውሃው ሥር 40 ሴንቲሜትር ላይ ነው። ከፍላሹ እስከ ወረቀቱ 120 ስለሚሆን፣ 120 ለ80 ሲካፈል 1.5 ነው። ጥላው ሁሉን ነገር በአንድ ተኩል እጥፍ ያሳድጋል። እኛ የሞገዱን ርዝመት ከጥላው፣ ርቀቶቹን ከውሃው ወስደን አምታተን ነበር። የውሃው እውነተኛ የሞገድ ርዝመት 2 ሴንቲሜትር ነው፣ የ1 ልዩነት ደግሞ ልክ ግማሹ። ሁሉንም ጥላው ላይ ብንለካ ደግሞ 24 ሲቀነስ 22.5 ይሆናል፣ 1.5፣ ከ3 ግማሹ። የት እንደምትለካ ልዩነት የለውም፣ ሁሉንም አንድ ቦታ ላይ እስከለካህ ድረስ። የስድስቱ መስመሮች ነገርም ገባን፤ የዶቃዎቹ ርቀት 6 ማለት ሦስት የሞገድ ርዝመት ነው፣ ልዩነቱ ከዚያ ሊበልጥ ስለማይችል በእያንዳንዱ ጎን ግማሽ፣ አንድ ተኩልና ሁለት ተኩል ብቻ ይገባሉ።

እርሳሱን ከዚያ ቀን ጀምሮ መስታወቱ ጥግ ላይ አጣብቀነዋል።

ዲፍራክሽንን፣ ማለትም ሞገድ በክፍተት ሲያልፍ መታጠፉን፣ የሠራነው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ዶቃዎቹን ፈትተን የማስመሪያው ጠርዝ ራሱ ውሃውን እንዲነካ አደረግን፣ ቀጥ ያለ ሞገድ ወጣ። ሁለት ብረት አቁመን መካከላቸውን 4 ሴንቲሜትር ከፈትን። ሞገዱ አልፎ በአብዛኛው ወደፊት ሄደ፣ ጫፎቹ ብቻ ታጠፉ። መጽሐፍ ላይ ብዙ ጊዜ ክፍተቱን ነው የሚያጠቡት፣ ልጆቹም "ጠባብ ቀዳዳ ያጥፈዋል" ብለው ይሸመድዳሉ። እኔ ብረቶቹን አልነካሁም። የሞተሩን ፍጥነት ወደ ግማሽ አወረድኩት፣ ጥላው ላይ የመስመሮቹ ርቀት 6 ሴንቲሜትር ሆነ።

"ውሃው ላይ ስንት ነው?" አልኩ።

"አራት!" አሉ በአንድ ድምፅ፣ እርሳሱን እያዩ። ክፍተቱም አራት። ሞገዱ ከክፍተቱ ሲወጣ ግማሽ ክብ ሆኖ ከብረቶቹ ጀርባ ሳይቀር ገባ።