ሲም ካርድ ኮፒ አይደረግም፤ ብራችሁን አታባክኑ

የምኖረው ለገጣፎ ነው። ሲሜ አንዳንዴ አልነበብ ሲለኝ ሰፈር ያለ ስልክ ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። "ብራዘር፣ በአዲስ ካርድ ኮፒ አደርግልሃለሁ" አለኝ። ከፈልኩ።

አዲሱ ካርድ ላይ የሰዎች ስልክ ቁጥር ሁሉ አለ። ኔትወርክ ግን የለም፤ "የአደጋ ጥሪ ብቻ" ይላል። "የሰፈሩ ኔትወርክ ነው፣ ማታ ይመለሳል" አለኝ። አልተመለሰም፤ ሊመለስም አይችልም ነበር። ይህን አለማወቁ አሁንም ያናድደኛል፤ እንጀራው ነዋ!

የራሴን ሲም በካርድ አንባቢ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። የስልክ ማውጫው ይነበባል። በ636 የሚጀምረው የደንበኛ መለያ ቁጥርም ይነበባል። ዋናው ነገር፣ 128 ቢት የሆነው ምስጢራዊ ቁልፍ ግን አይወጣም። ካርዱ ቁልፉን አውጥቶ የሚሰጥበት ትዕዛዝ የለውም። ቁልፉ ያለው ካርዱ ውስጥና ኦፕሬተሩ ዘንድ ብቻ ነው። በአየር ላይም አይላክም።

ታዲያ ኔትወርኩ በምን ያውቀናል? በዘፈቀደ የወጣ ቁጥር ይልካል። ካርዱ ቁጥሩን ከቁልፉ ጋር እዚያው ውስጡ አስልቶ መልሱን ብቻ ያወጣል። ኦፕሬተሩም በበኩሉ ያሰላል። መልሶቹ ከገጠሙ ገባን ማለት ነው።

በ3ጂና በ4ጂ ደግሞ ካርዱም ኔትወርኩን ይፈትናል። ከቁጥሩ ጋር ኔትወርኩ ቁልፉን እንደሚያውቅ የሚያሳይ ማረጋገጫ መምጣት አለበት። እኔ ከራሴ የፈጠርኩትን ማረጋገጫ ስልክለት ሲሜ `98 62` ብሎ መለሰልኝ፤ "አላምንህም" ማለቱ ነው። ኮፒ የተባለው ካርድም የገጠመው ይኸው ነው። መለያ ቁጥሬን ይዟል፣ ቁልፉ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ እውነተኛውን ኔትወርክ ሐሰተኛ ብሎ መለሰው።

የኮፒው ወሬ መነሻ አለው። በ1998 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ኮምፕ128 የተባለውን የድሮ የስሌት ዘዴ ሰብረው ነበር። ካርዱን በእጃቸው ይዘው ወደ 150,000 ጥያቄ እየላኩ፣ ከመልሶቹ ቁልፉን አወጡ። ዛሬ ያሉት ካርዶች በሌላ ዘዴ ነው የሚሠሩት።

መፍትሔው ቀላል ነበር። አገልግሎት ማዕከል ሄድኩ፣ መታወቂያ አሳየሁ፣ አዲስ ሲም ተሰጠኝ። ቁጥራችን የሚኖረው ካርዱ ላይ ሳይሆን ኦፕሬተሩ መዝገብ ውስጥ ነው። እዚያ ከአዲሱ ካርድና ከአዲሱ ቁልፍ ጋር ይያያዛል፤ የድሮው ካርድ ይሞታል። ሠራተኛዋ "የድሮውን አስቀምጠው" አለችኝ። እኔ ግን ቆርጣችሁ ጣሉት እላለሁ። መደወል ባይችልም የስልክ ማውጫችሁና መልእክቶቻችሁ ሊነበቡ ይችላሉ።

እኔን የሚያሰጋኝ ሲም የሚሰጥበት የአገልግሎት ማዕከሉ መስኮት ነው። በሐሰተኛ መታወቂያ በስማችሁ ሲም የሚያወጣ ሰው ቁልፉን መስበር አያስፈልገውም። ጎረቤታችሁ በዚያው ኦፕሬተር እየደወለ የእናንተ ስልክ በድንገት ኔትወርክ ካጣ እስከ ማታ አትጠብቁ። በሌላ ሰው ስልክ መጀመሪያ ለኦፕሬተሩ፣ ቀጥሎ ለባንካችሁ ደውሉ።