ነጭ ሴሉ ደህና ስለሆነ የታለፈው የሲቢሲ ውጤት

የ58 ዓመት ሰው ናቸው። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ ድካሙም እየበዛባቸው ክሊኒክ መጡና የደም ሴሎችን የሚቆጥረው ምርመራ፣ ሲቢሲ ታዘዘላቸው። ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱን ሲቀበል ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው ነጭ የደም ሴሉ ላይ ነው፤ 6,400። መደበኛው ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ስለሆነ ልቡ ረጋ። «አባቴ፣ ኢንፌክሽን የለብዎትም፤ ትንሽ ደም ማነስ ነው» ብሎ የአይረን ክኒን ጽፎ ሸኛቸው።

«ትንሽ» የተባለው፣ በቀይ ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን 8.7 ነበር። አዋቂ ወንድ ከ13 ግራም በዴሲሊትር በታች፣ እርጉዝ ያልሆነች ሴት ደግሞ ከ12 በታች ከሆኑ ደም ማነስ አለባቸው ይባላል። ስለዚህ 8.7 ለወንድ ትንሽ የሚባል አይደለም።

ክኒኑ ሠራ። ከሁለት ወር በኋላ ሄሞግሎቢኑ 11.6 ደረሰ፣ ሰውየውም ተሻላቸው፤ መድኃኒቱ ቆመ። አራት ወር ሳይሞላ ግን ድካሙ ተመለሰ፤ ውጤቱ 8.9 ሆነ። ይህን ጊዜ የላቦራቶሪው ኃላፊ የመጀመሪያውን ወረቀት አውጥቶ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና «ዶክተር፣ ሁሉም እዚህ ላይ ነበር እኮ» አለው።

ወረቀቱ በቅደም ተከተል ሲነበብ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ቁጥሩ እውነተኛ መሆኑ ይታያል። ደሙ ግሉኮስ ወይም ሳላይን ከሚንጠባጠብበት ክንድ ከተቀዳ ይቀጥንና ሄሞግሎቢኑ ያለአግባብ ዝቅ ይላል። ያኔ ግን ነጭ ሴሉና ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌትም አብረው ይወርዳሉ። የእኚህ ሰው ነጭ ሴል 6,400፣ ፕሌትሌታቸው 480,000 ስለሆነ የመቅጠን ጥርጣሬ እዚህ ላይ ይዳከማል። ነጭ ሴሉ በመጀመሪያ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያስበውም።

ሁለተኛው ጥቅሙ ይበልጣል። ቀይ ሴልን፣ ነጭ ሴልንና ፕሌትሌትን፣ ሦስቱንም የሚያመርተው የአጥንት መቅኔ ነው። መቅኔው ራሱ ቢታመም፣ ለምሳሌ በሉኪሚያ ቢወረር ወይም ማምረት ቢያቆም፣ ብዙውን ጊዜ ነጭ ሴሉም ፕሌትሌቱም ይዛባሉ። ቀይ ሴሉ ብቻ ከቀነሰ ጥርጣሬው ወደ ሦስት ነገሮች ያዘነብላል፤ ወይ የማምረቻ ጥሬ ዕቃ ጎድሏል፣ ወይ ደም እየፈሰሰ ነው፣ ወይ ሴሎቹ ከዕድሜያቸው በፊት እየፈረሱ ነው። ይህ ማዘንበል ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ጠቅላላ ቁጥሩ መደበኛ ሆኖ ውስጡ የተዛባ ሊሆን ስለሚችል የነጭ ሴሎቹን ዝርዝር ማየትና ማሽኑ ምልክት ካደረገ ስላይድ በማይክሮስኮፕ መመልከት ግድ ነው።

ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ የሚጠቁመው ኤምሲቪ፣ ማለትም የቀይ ሴል አማካይ መጠን ነው። መደበኛው ከ80 እስከ 100 ፌምቶሊትር ነው። ከ100 በላይ ከሆነ ቫይታሚን ቢ12፣ ፎሌት፣ አልኮልና የጉበት ሕመም ይታሰባሉ። በመካከል ከሆነ ደግሞ የኩላሊት ሕመም፣ የቆየ ሕመም ወይም ገና የፈሰሰ ደም ሊሆን ይችላል። የእኚህ ሰው 71 ነው፤ ሴሎቹ አንሰዋል። የሴሎቹን የመጠን ልዩነት የሚያሳየው አርዲደብልዩም 18 ነበር፤ መደበኛው እስከ 14.5 ገደማ ነው። ትንሽ ሴል፣ የተዘበራረቀ መጠን፣ ከፍ ያለ ፕሌትሌት፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ በብዛት የአይረን እጥረትን ያመለክታሉ።

በዘር የሚወረሰው የሄሞግሎቢን ሕመም፣ ታላሴሚያም ሴል ያሳንሳል። ለመለየት ኤምሲቪውን በሚሊዮን ለሚቆጠረው የቀይ ሴል ቁጥር ማካፈል ይረዳል፤ የእሳቸው ቀይ ሴል 3.95 ሚሊዮን ስለነበር 71 ለ3.95 ሲካፈል 18 ገደማ ይሆናል። ከ13 በላይ መሆኑ ወደ አይረን እጥረት፣ ከ13 በታች ቢሆን ኖሮ ወደ ታላሴሚያ ያመለክት ነበር። ማረጋገጫው ግን የሰውነትን የአይረን ክምችት የሚያሳየው ፌሪቲን ነው። የእሳቸው ዘግይቶ ሲሠራ 9 ወጣ፤ ይህን ያህል ሲወርድ ክርክር የለም። እብጠት ወይም ኢንፌክሽን ካለ ግን ፌሪቲን ስለሚጨምር መደበኛ መስሎ ሊያሳስት ይችላል።

ሐኪሙ አይረን ማዘዙ ትክክል ነበር። ያልጠየቀው ግን አይረኑ የት እንደሄደ ነው። የወር አበባ በማያይ ሰው፣ ማለትም በወንድም ሆነ ባረጠች ሴት ላይ እንዲህ ያለ እጥረት ሲገኝ፣ ሌላ እስካልተረጋገጠ ድረስ ከጨጓራና አንጀት ደም እየፈሰሰ ነው ተብሎ ይታሰባል። ክኒኑ መሥራቱ እጥረቱን አረጋገጠ፤ ምክንያቱን ግን አልነካም፣ እንዲያውም ሸፈነው።

ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያሳየው ኮሎኖስኮፒ ሲደረግ በቀኝ ክፍሉ ዕጢ ተገኘ። እዚያ አንጀቱ ሰፊ፣ ሰገራውም ገና ፈሳሽ ስለሆነ ዕጢው ቶሎ አይዘጋም፤ ጥቂት በጥቂት የሚወጣው ደምም ከሰገራ ጋር ተቀላቅሎ በዓይን ላይታይ ይችላል። ሰውየው «ደም አይቼ አላውቅም» ያሉት እውነታቸውን ነው።

ክሊኒኩ ከዚያ ወዲህ አሠራሩን ለውጧል። ለወንዶችና ላረጡ ሴቶች የአይረን ማዘዣና የኢንዶስኮፒ ሪፈራል በአንድ ቀን ይጻፋሉ። ሄሞግሎቢን በአራተኛው ሳምንት ይደገማል፤ እስከዚያ በ1 ወይም በ2 ግራም ካልጨመረ ክኒኑ በአግባቡ እየተወሰደ መሆኑ ይጠየቃል፣ ደም መፍሰሱ መቀጠሉም ይፈተሻል። ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላም ክምችቱ እንዲሞላ አይረኑ ለሦስት ወር ያህል ይቀጥላል።