በወባ ምክንያት ላላለቀ የኒውሮአናቶሚ ሪፖርት የጻፍኩት ማመልከቻ

ባለፈው ማስታወሻዬ የሜዱላን ስላይዶች በማይክሮስኮፕ ሳይ ከየት እንደምጀምር ጽፌላችሁ ነበር። ከዚያ በኋላ ወባ ያዘኝና ሪፖርቱ ግማሽ ላይ ቆመ። ለመምህራችን የጊዜ ማራዘሚያ ማመልከቻ ጻፍኩ። የዛሬው ማስታወሻ ስለዚያ ማመልከቻ ነው። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ስንጽፍ ስለ ሕመሙ በሰፊው እናወራለን፤ ስለ ሪፖርቱ ግን አንድ መስመር ብቻ እንጽፋለን። እኔ አሁን የማምነው የተገላቢጦሹን ነው፤ ለምን እንደሆነ በራሴው ደብዳቤ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ስለ ሥራው ትንሽ ልበል። የተሰጠን የአንጎል ግንድ አግድም ቁራጮች የያዙ አምስት ስላይዶች ናቸው፤ ሦስቱ ከሜዱላ፣ አንዱ ከፖንስ፣ አንዱ ከሚድብሬይን። የተቀለሙት በዋይገርት ዘዴ ስለሆነ ማይሊን የለበሱት የነርቭ ክሮች ጠቁረው ይታያሉ፤ የነርቭ ሕዋሳት የተሰበሰቡባቸው ኒውክሊየሶች ደግሞ ነጣ ይላሉ። በቢላ የተቆረጠ አንጎል ላይ ካየነው ጋር ሲተያይ ቀለሙ የተገለበጠ ነው። እያንዳንዱን ስላይድ እያዩ በእጅ መሳል፣ ክፍሎቹን መሰየም፣ ከዚያ አንድ የነርቭ መንገድ ከታች እስከ ላይ መከተል ይጠበቅብናል። የእኔ መንገድ የንዝረትንና የመገጣጠሚያ አቀማመጥን ስሜት የሚያደርሰው ነው።

ይህ መንገድ በሜዱላ ታችኛው ክፍል ከግራሲሊስና ከኩኒያተስ ኒውክሊየስ ተነስቶ፣ ቅስት ሠርቶ ወደ ፊት ይመጣና በመሃል መስመር ላይ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገራል። ከተሻገረ በኋላ ሚዲያል ሌምኒስከስ ይባላል። ኦሊቩ በሚታይበት የሜዱላ ስላይድ ላይ ከመሃል መስመሩ ግራና ቀኝ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፖንስ ላይ ሲደርስ ይጋደማል፤ ሚድብሬይን ላይ ደግሞ ወደ ጎን ይሸሻል። የሪፖርቱ ዋና ጥያቄ ይህንን ከቆመበት ወደ ተጋደመበት የሚደረገውን ለውጥ በራሳችን ሥዕል ማሳየት ነው። ከአትላስ መገልበጥ አይፈቀድም። እውነተኛ ስላይድ ብዙ ጊዜ ትንሽ ዘንበል ብሎ ስለሚቆረጥ ግራና ቀኙ እኩል አይሆንም፤ የአትላስ ሥዕል ግን የተስተካከለ ነው። መምህሩ ሥዕሉን አንዴ አይተው ከየት እንደመጣ ይለዩታል።

ትኩሳቱ የጀመረኝ ኅዳር 2 ቀን ነው። ከዚያ በፊት ቤተሰብ ለመጠየቅ ወደ ቆላ ወርጄ ነበር፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያሉት ወራት ደግሞ የወባ ወራት ናቸው። የደም ምርመራው ፋልሲፓረም አሳየ። ኮአርተም በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን ታዘዘልኝ፤ ሐኪሙም ከኅዳር 3 እስከ 9 የሚል የዕረፍት ወረቀት ጻፈልኝ። መድኃኒቱ በሦስት ቀን ቢያልቅም ድካሙና ራስ ምታቱ አብረው አላለቁም። በሌንስ ውስጥ አተኩሮ አንዲት ኒውክሊየስ ከጎረቤቷ መለየት በዚያ ሁኔታ የሚሆን አልነበረም።

የመጀመሪያውን ረቂቅ ለአንድ ሲኒየር አሳየሁት። ስለ ትኩሳቱ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ማስመለሱ በዝርዝር የተጻፈውን ዝም ብሎ አንብቦ ሲጨርስ፣ «እሺ፣ ታመሃል። ታዲያ ምን ቀረህ?» አለኝ። ጥያቄው ልክ ነበር። መታመሜን የሚያረጋግጠው ማኅተም ያለበት የሐኪም ወረቀት ነው፤ እኔ ብጨምርበት የበለጠ እውነት አይሆንም። መምህሩ ሊወስኑ የሚቸገሩት ሌላው ላይ ነው፤ ምን ያህል ሥራ እንደቀረና ያ ሥራ በየትኛው ቀን ሊያልቅ እንደሚችል። የሐኪሙ ወረቀት ይህንን አይናገርም።

ስለዚህ ቁጭ ብዬ የቀረውን ቆጠርኩ። ሦስቱ የሜዱላ ሥዕሎች ከመታመሜ በፊት አልቀዋል። በሪፖርቱ መጨረሻ ያለው የክሊኒክ ጥያቄ የመካከለኛው ሜዱላ ጉዳት ስለሆነ እሱም ተጽፏል፤ በተቃራኒው ጎን የእጅና የእግር ድክመት፣ በዚያው በተቃራኒው ጎን የንዝረትና የአቀማመጥ ስሜት መጥፋት፣ ምላስ ሲወጣ ግን ጉዳቱ ወዳለበት ጎን ማዘንበሉ። የቀሩት ፖንስና ሚድብሬይን ናቸው። ላቡ ለግል ጥናት የሚከፈተው ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ነው። ኅዳር 3 እና 5 በሕመም አመለጡኝ። የማስረከቢያው ቀን ረቡዕ ኅዳር 11 ነው፤ ከዚያ በፊት ያለኝ ማክሰኞ ኅዳር 10 ብቻ ነው። በአንድ ከሰዓት አንድ ስላይድ በደንብ ይሳላል፤ ሁለት ግን አይሳልም። ስለዚህ ፖንስ ኅዳር 10፣ ሚድብሬይን ኅዳር 12፣ ጽሑፉ ቅዳሜና እሁድ፣ ማስረከብ ሰኞ ኅዳር 16። ሐኪሙ የሰጠኝ ዕረፍት 7 ቀን ነው፤ የሚያስፈልገኝ ማራዘሚያ ግን 5 ቀን ሆኖ ወጣ። ቁጥሩ ከሕመሙ ሳይሆን ከላቡ ሰዓት ስለመጣ፣ ማንም ለምን ቢለኝ መልስ ነበረኝ።

የላክሁት ይህ ነው፤ ስሞቹን አውጥቻለሁ።

ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለ፦ ዶ/ር ……
የኒውሮአናቶሚ መምህር

ጉዳዩ፦ የተግባር ሪፖርት ማስረከቢያ ጊዜ እንዲራዘምልኝ ስለመጠየቅ

እኔ የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ …… የመታወቂያ ቁጥር …… ስሆን፣ ከኅዳር 2 ቀን ጀምሮ በወባ ታምሜ በሕክምና ላይ ቆይቻለሁ። ሐኪም ከኅዳር 3 እስከ 9 ቀን ድረስ ዕረፍት ያዘዘልኝ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ከዚህ ማመልከቻ ጋር አያይዣለሁ።

ኅዳር 11 ቀን መቅረብ ካለበት የአንጎል ግንድ ሪፖርት ውስጥ ሦስቱን የሜዱላ ሥዕሎችና የመካከለኛው ሜዱላ ጉዳት ጥያቄን ከመታመሜ በፊት ጨርሻለሁ፤ የእነዚህንም ቅጂ አያይዣለሁ። የፖንስና የሚድብሬይን ስላይዶች ግን ኅዳር 3 እና 5 ቀን ላብ መግባት ባለመቻሌ አልተሳሉም። ሚዲያል ሌምኒስከስ በፖንስ ላይ አቀማመጡን የሚቀይርበትን ቦታ ከስላይዱ ሳላይ ሪፖርቱን መደምደም አልችልም።

ፖንስን ኅዳር 10፣ ሚድብሬይንን ኅዳር 12 ቀን በላቡ የግል ጥናት ሰዓት ስዬ፣ ሙሉውን ሪፖርት ሰኞ ኅዳር 16 ቀን ጠዋት እንዳስረክብ እንዲፈቅዱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከእኔ በፊት ያስረከቡ ተማሪዎች ሥራ በዚያ ጊዜ ተመልሶላቸው ከሆነ፣ ሌላ የስላይድ ሳጥን ቢሰጠኝ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
…… (ፊርማ)

ግልባጭ፦ ለትምህርት ክፍሉ

ስለ ሌላ ስላይድ ሳጥን የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ላይ ብዙ አሰብኩ። መምህር ማራዘሚያ ሲከለክል ሁልጊዜ ስላላመነ አይደለም። የሌሎቹ ሪፖርት ታርሞ ሲመለስ መልሱ ክፍል ውስጥ ይዞራል፤ ዘግይቶ የሚያስረክብ ሰው ያንን የማየት ዕድል አለው። ይህንን ስጋት እሳቸው ሳያነሱት እኔ ባነሳው ጥያቄዬ ለመወሰን ይቀላል ብዬ አመንኩ። ያለቀውን ክፍል ማያያዝም ለዚሁ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ በሜዱላው ላይ ምንም እንዳልቀይር ራሴን አሰርኩ።

የሕመሙን ስም መጻፍ ግዴታ አልነበረም። ወባ የሚደበቅ ነገር ስላልመሰለኝ ጻፍኩት። ሌላ ዓይነት ሕመም ላለበት ሰው ግን «ታምሜ በሕክምና ላይ ቆይቻለሁ» የሚለው ከነማስረጃው በቂ ነው። የምርመራ ውጤቱን ወረቀት አላያያዝኩም፤ የዕረፍት ወረቀቱ የሚፈለገውን ይናገራል።

ቀኑን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። ትኩሳቱ ሳይለቅ ቀን ቃል አይገባም። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ትኩሳት ከተመለሰ እንደገና የደም ምርመራ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ የተገባው ቀን ይፈርሳል፤ ሁለተኛ ማመልከቻ ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። እኔ ኅዳር 16 ብዬ የጻፍኩት መድኃኒቱን ጨርሼ ትኩሳቱም ለተከታታይ ቀናት ካልተመለሰ በኋላ ነው። ገና አልጋ ላይ ሆኖ ማስረከቢያው ለደረሰበት ሰው የሚሻለው፣ መታመሙንና ማስረጃውን በክፍል ተጠሪ በኩል ብቻ አሳውቆ፣ ቀን የያዘውን ማመልከቻ ሲሻለው መላክ ነው።

ማመልከቻውን ሰኞ ጠዋት በኢሜይል ላክሁ፤ የተፈረመውን ወረቀት ደግሞ ጓደኛዬ ለትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ አደረሰልኝ። በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ አልጻፍኩም፤ እዚያ የተጻፈ ነገር የመምህሩ መዝገብ ውስጥ አይገባም።

መልሱ በዚያው ቀን ማታ መጣ። እስከ ኅዳር 16 ተፈቀደ፤ የፖንሱ ስላይድ ግን ከሌላ ሳጥን እንዲሆን፣ ሳስረክብም ሌምኒስከሱን በቃል እንዳስረዳ ታዘዝኩ። ማክሰኞ ላብ ስገባ ቴክኒሻኗ አዲሱን ሳጥን አውጥታ ጠበቀችኝ። ስላይዱ ዘንበል ብሎ የተቆረጠ ነበር፤ በአንድ ጎን የአብዱሰንስ ኒውክሊየስ ጎልቶ ይታያል፣ በሌላው ደብዝዟል። ሁለቱን ጎኖች እኩል አድርጌ ለመሳል እጄ እየሄደ ስከለክለው ብዙ ሰዓት ፈጀ። ሌምኒስከሱ ግን በሁለቱም ጎን ተጋድሞ፣ ጥቁር ንጣፍ መስሎ፣ ከፖንሱ የፊት ክፍል አግድም ክሮች በላይ ግልጽ ሆኖ ወጥቷል።

ሰኞ ሪፖርቱን ሳስረክብ መምህሩ በቅድሚያ የከፈቱት የፖንሱን ገጽ ነው። ግራና ቀኙ ለምን እንደተለያየ ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ቀጥለው የጠየቁኝን ግን በትክክል የመለስኩት ግማሹን ነው፤ ሌምኒስከሱ ሲጋደም የእግር ስሜት የሚሄድባቸው ክሮች ወደ ውጭ ነው ወይስ ወደ መሃል የሚዞሩት? ወደ ውጭ ነው። ሜዱላ ላይ እግር ከፊት፣ ክንድ ከኋላ ነበሩ፤ ፖንስ ላይ እግር ወደ ጎን፣ ክንድ ወደ መሃል መስመሩ ይሆናሉ። ሪፖርታችሁን ገና ያላስረከባችሁ ካላችሁ ይህንን በሥዕላችሁ ላይ በሁለት ቀለም ለዩት።