ደህናውን ሞተሪኖ አስቀይሬ አረፍኩት

የመኪናዬን ቁልፍ ሳዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አንድ ጊዜ "ጠቅ" ይላል፣ ከዚያ ዝም። የፊት መብራቱ ግን ቦግ እንዳለ ነው፣ አይደበዝዝም። ባትሪው ቢደክም ኖሮ መብራቱ ይሞት ነበር፣ አብዛኛውን ጊዜም ድምፁ "ጠቅጠቅጠቅ" እያለ ይደጋገማል። ለማንኛውም ለካሁት፣ 12.6 ቮልት። የባትሪውን ተርሚናሎች ፈትቼ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ አጠበቅኩ። ያው ነው።

ከዚህ በኋላ ነው የተሸወድኩት። መካኒኩ ከባትሪው የሚወጡትን ሁለቱንም ወፍራም ገመዶች ነቅሎ መልቲሜትሩን በድምፅ መፈተሻው ላይ አድርጎ ነካካቸው። ጢጥ አለ። "ገመዱ ሰላም ነው፣ ሞተሪኖው ነው የሞተው" አለኝ። እኔም አመንኩት። ሞተሪኖው ኤሌክትሪኩን ከሚያገናኝለት ከሶሌኖይዱ ጋር ተቀየረ፣ ተከፈለ፣ ቁልፉን አዞርኩ፦ ጠቅ! መካኒኩ ደግሞ "እንግዲህ ባትሪው ይሆናል" አይለኝም መሰላችሁ?

ጢጥ የሚለው ፈተና ለወፍራም ገመድ የማይረባ ነው፣ ማንም ቢመክራችሁ አትስሙት። መልቲሜትሩ የሚልከው ኢምንት ኤሌክትሪክ ስለሆነ አንድ ክር መዳብ ከተረፈ በቂው ነው። ሞተሪኖ ግን ሲነሳ ከመቶ አምፒር በላይ ይጎትታል። ገመድ የሚፈተነው ሥራ ላይ እያለ ነው።

አንድ ማታ ተናድጄ ራሴ ሞከርኩት። ማርሹ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ወንድሜ ቁልፉን እያዞረ፣ መልቲሜትሩ 20 ዲሲ ቮልት ላይ። በባትሪው ሁለት ራሶች መካከል 12.2። ከፖዘቲቩ ራስ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን 0.1፣ እስከ ግማሽ ቮልት ችግር የለውም። በሶሌኖይዱ ሁለት ትልልቅ ብሎኖች መካከል 0.2። ጠቅ ብሎም እዚህ ጋ 12 አካባቢ ቢያሳይ ኖሮ ውስጡ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች ተቃጥለዋል ማለት ነበር። በመጨረሻ ከኔጌቲቩ ራስ እስከ ሞተሪኖው አካል፦ 6.8! እዚህ ከ0.3 ማለፍ የለበትም። ከግማሽ በላዩን ከኔጌቲቩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው የማሳ ገመድ እየበላው ለሞተሪኖው የሚተርፈው 5 ቮልት ገደማ ነው። በዚህ ሶሌኖይዱን ይዞ መቆየት ይቻል ይሆናል እንጂ ሞተር አይዞርም። መብራቱ ያልደበዘዘው ደግሞ ወደ ቦዲው የሚሄደው የማሳ ገመድ ሌላ ስለሆነ ነው።

ለማረጋገጥ የባትሪ ማስነሻ ገመድ አመጣሁ። አንዱን ጫፍ ኔጌቲቩ ላይ፣ ሌላውን ቀለም የሌለው የሞተር ብረት ላይ አሰርኩ። ወዲያው ተነሳ።

አሮጌውን ገመድ በቢላ ስሰነጥቀው ከላይ ምንም የማይታይበት ጎማ ሥር መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል፣ የተረፉት ጥቂት ክሮች ናቸው። አዲስ ገመድ መግጠም ሩብ ሰዓት እንኳን አልፈጀም። የድሮውን ሞተሪኖዬን ግን መካኒኩ "ይሄ ለምንም አይሆን" ብሎ አስቀርቶታል።