«ሃይ» በአማርኛ ስንት ነው?

ዛሬ የፊልም ጽሑፍ ስተረጉም ዋልኩ። አንዲት ወጣት ነርስ ጠዋት በሩን ከፍታ በዕድሜ የገፉ ሴት ታካሚ «ሃይ» ትላቸዋለች። እሳቸውም «ሃይ» ይላሉ። በቃ።

ያቺ ቃል በእንግሊዝኛ ለሕፃንም ለአለቃም ትሆናለች። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ማን ለማን፣ በየትኛው ሰዓት የሚለውን ሳንወስን አፋችንን አንከፍትም። አደርክ፣ አደርሽ፣ አደሩ፣ አደራችሁ። ስለዚህ ነርሷን «እንደምን አደሩ እማማ?» አስባልኳት። መልሱን «ደህና፣ አንቺስ ልጄ?» አደረግኩት። «እግዚአብሔር ይመስገን» ለጆሮ ይጥማል፤ ግን ሴትዮዋ ያላሉትን እምነት አፋቸው ላይ ማስቀመጥ ይሆንብኛል።

«ቤተሰብ ደህና?» ብዬ ልቀጥል ቃጥቶኝ ነበር፤ ተውኩት። ጽሑፉ ስክሪን ላይ የሚቆየው ለሁለት ሰከንድ ያህል ነው፤ ነርሷም ስለ ቤተሰብ አልጠየቀችም።

የእኛ ሰላምታ የሚረዝመው በምክንያት ነው። ገጠር ብትሄዱ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አዝመራው ሁሉ ይጠየቃል። መልሱ ለሁሉም ምስጋና ነው። ቤቱ የታመመ ሰው ያለበትም መጀመሪያ «ደህና» ይላል። በዚያ መሃል ግን ፊቱን ታያለህ፣ ድምፁን ትሰማለህ። ዙሩ አልቆ ቁጭ ሲባል ነው «ባለቤቴን እንኳ ትንሽ አሟታል» የሚመጣው። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ የገባ ሰው ይህን አይሰማም።

በእኩዮች መሃል ሲሆን ግን አላስረዝምም። ሳይቆም እያለፈ «ሃው አር ዩ» ለሚለው ወጣት «ሰላም ነው?» ይበቃዋል።